«ከተቅበጠበጠ ጨምሩለት» ለሚለው ምክር፦ ሕፃናትን በአለርጂ ሽሮፕ ስለማስተኛት የተሰጠ ምላሽ

«መድኃኒቱን ሐኪሞች ራሳቸው ለሕፃናት አለርጂ ያዝዙታል። ለሽፍታ ሲሰጥ ያልጎዳ ለእንቅልፍ ሲሰጥ ሊጎዳ አይችልም።»

ምላሽ የምንሰጠው ወላጆች ሕፃናትን በአለርጂ ሽሮፕ እንዲያስተኙ ለሚመክር አንድ ጽሑፍ ነው፤ ከእሱ ለወሰድነው ለዚህ አባባልና ከታች በየተራ ለምንጠቅሳቸው አራት ነጥቦች። ከአምስቱ እጅግ የሚያሳስበን ሦስተኛው ስለሆነ ረዘም አድርገን የምንቆየው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪም አንድን መድኃኒት ሲያዝ ጥቅሙንና ጉዳቱን በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። መላ አካሉ በሽፍታ ተወርሮ ራሱን ለሚያክ ልጅ ሲያዝ በጥቅም በኩል የሚቀመጥ ነገር አለው፤ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ሽፍታው ይሟሽሻል። ልጁ ቢፈዝ ያ መድኃኒቱ ያስከተለው ያልተፈለገ ነገር ነው። ለእንቅልፍ ሲሰጥ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ያልተፈለገው ነገር ራሱ የሚፈለገው ሆኖ ቁጭ ይላል፣ በጥቅም በኩል ደግሞ ሌላ የሚቀመጥ ነገር የለም። መድኃኒቱ ያው ነው፣ መጠኑም ያው ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱን የምንሸከምበት ምክንያት ግን የለም።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚያፈዙት ለምንድን ነው? ዳይፈንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ሃይድሮክሲዚን የሚባሉት አንቲሂስታሚኖች፣ ማለትም የድሮዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ቆዳና አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆሙም፤ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ ያልፋሉ። ሂስታሚን ደግሞ በቆዳ ላይ የሚያሳክክ ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። በአንጎል ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ ከሚያደርጉን መልእክተኞች አንዱ ነው። መድኃኒቱ የሂስታሚንን በር ሲዘጋ ልጁ ይፈዛል። መፍዘዝና መተኛት ግን አንድ አይደሉም። በእንቅልፍ ውስጥ አንጎል በተራ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች አሉ፣ ሕልም የምናይበትም ክፍል ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያንን ክፍል ያዘገያሉ፣ ያሳጥሩታልም። ከዚህ ሌላ አሴቲልኮሊን የሚባለውን መልእክተኛም ያግዳሉ። ስለዚህኛው ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ የሦስተኛው ነጥብ ምሥጢር እሱ ነውና።

ይህ የእኛ አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ እንዳይሰጥ የሚል ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ምክንያቱ ትንፋሻቸው እየደከመ የሞቱ ሕፃናት መኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዳይሰጡ ባለሥልጣኑ አሳሰበ። በዚያው ዓመት አምራቾች ገደቡን በፈቃዳቸው ወደ 4 ዓመት ከፍ አድርገው አንቲሂስታሚን ባለባቸው ላይ «ልጅን ለማስተኛት አይጠቀሙበት» የሚል ጽሑፍ ጨመሩ። ከመስጠታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ፤ በብዙዎቹ ላይ ይኸው መልስ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

«ሽሮፑን በሰጠሁ ቁጥር ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?»

ያስፈልጋል። የሕፃን እንቅልፍ በራሱ ከሌሊት ሌሊት ይለዋወጣል። ወላጅ መድኃኒት የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ እጅግ ከከፋ ሌሊት በኋላ ነው፤ እጅግ ከከፋ ሌሊት በኋላ የሚመጣው ሌሊት ደግሞ መድኃኒት ባይኖርም ሻል ማለቱ የተለመደ ነው። ይህን ለመለየት አንዱ መንገድ ለግማሾቹ ሕፃናት እውነተኛውን ሽሮፕ፣ ለግማሾቹ በጣዕምና በመልክ የሚመስለውን ባዶ ሽሮፕ መስጠት ነው፤ ወላጅም ሐኪምም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ አድርጓል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ወር የሆኑ፣ ሌሊት ደጋግመው የሚነቁ 44 ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። ለ22ቱ በመኝታ ሰዓት በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ግራም ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለቀሩት 22 ባዶ ሽሮፕ ተሰጠ። መሻሻል የታየው መድኃኒቱን ከወሰዱት በ1 ሕፃን፣ ባዶውን ከወሰዱት በ3 ሕፃናት ነበር። ጥናቱን የሚከታተለው ገለልተኛ ቡድን ከዚህ በላይ መቀጠሉ ትርጉም የለውም ብሎ ከታቀደው ጊዜ በፊት አስቆመው።

ለእውነት ስንል የሌላውን ወገን ማስረጃም እናስቀምጥ። በ1970ዎቹ ከ2 ዓመት በላይ በሆኑ ልጆች ላይ የተደረገ አጭር ጥናት ዳይፈንሃይድራሚን ልጆቹ ቶሎ እንዲተኙና የሚነቁበት ጊዜ እንዲቀንስ አድርጎ አሳይቷል። ስለዚህ «አንዳችም ልጅ አያፈዝም» አንልም፤ ብዙዎችን ያፈዛል። ይሁን እንጂ ያ ጥናት የተከታተላቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሲሆን፣ ወላጆች እጅግ የሚቸገሩበትን የሕፃንነት ዕድሜም አልያዘም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ምን ይሆናል? ጤነኛ ጎልማሶች ዳይፈንሃይድራሚን 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወስዱ በተደረገበት ጥናት የመጀመሪያው ቀን መፍዘዝ ግልጽ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን መድኃኒቱን የወሰዱትና ባዶውን የወሰዱት በእንቅልፋምነት አይለዩም ነበር። አንጎል ቶሎ ይለምደዋል። አፍ ማድረቁና የልብ ምት ማፍጠኑ ግን የግድ አብሮ አይለመድም። እዚህ ላይ የደረሰ ወላጅ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ ማቆም፣ ሁለተኛው መጠኑን መጨመር። ሁለተኛውን ከመረጠ ዛሬ የሚሰጠው መጠን በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈራው የነበረ ነው።

ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው ሽሮፖች ሌላ ጣጣም አላቸው። በልጆች ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ የተሰጠው ጠዋት ልጁ ሲነሳ ከግማሽ በላዩ ገና አለ ማለት ነው። ልጁ ቀኑን ደብዝዞ ይውላል፣ የቀን እንቅልፉ ይረዝማል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ከዚያ ጠርሙሱ እንደገና ይነሳል።

«አንዳንድ ልጅ ሽሮፑን ሲወስድ ከመተኛት ይልቅ ይቅበጠበጣል። ይህ መጠኑ እንዳነሰው ያሳያል፤ ትንሽ ሲጨመርለት ይረጋጋል።»

ከጽሑፉ ሁሉ ልጅ ሊያስገድል የሚችለው ምክር ይህ ነው።

በሕክምናው ቋንቋ ይህ የተገላቢጦሽ ምላሽ ይባላል፤ ያፈዛል የተባለው ሲያነቃቃ ማለት ነው። ከትልልቆች ይልቅ በትንንሽ ልጆች ላይ ይታያል፣ ስለዚህም ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። ልጁ ይሮጣል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል ወይም ያለቅሳል፣ ከአልጋ ይወርዳል፣ እጅና እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም፣ ለማባበል ሲያቅፉት ይንፈራገጣል። ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ ምላሹ በትክክለኛው መጠንም ይመጣል። የማነስ ምልክት አይደለም። መድኃኒቱ አንጎል መግባቱንና በዚያ ልጅ ላይ በሌላ አቅጣጫ መሥራቱን የሚያሳይ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሙሉው መልስ ገና ያከራክራል፤ በብዛት የሚጠረጠረው ግን ቀደም ብለን የጠቀስነው አሴቲልኮሊን ነው። ሐሳብን ለመሰብሰብና አካባቢን ለይቶ ለማወቅ አንጎል አሴቲልኮሊን ያስፈልገዋል። የሂስታሚን በር ተዘግቶ መፍዘዝ ሲመጣ፣ በዚያው ቅጽበት የአሴቲልኮሊን በር ተዘግቶ መደናገርና መቁነጥነጥ ይመጣል። የሚያድግ አንጎል ይህን ሁለተኛውን ተጽዕኖ የሚቋቋመው በትንሹ ነው። ሌላው ጥርጣሬ ከዘር የሚመጣ ልዩነት ነው። ዳይፈንሃይድራሚንን በጉበት ውስጥ ከሚያፈርሱት ዋነኛው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ሲሆን፣ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ ያላቸው ሰዎች መድኃኒቱን እጅግ በፍጥነት ይለውጡታል። ከእነሱ በጥቂቶቹ ላይ የተገላቢጦሽ ምላሽ መታየቱ ተመዝግቧል። ሁለቱም ማብራሪያዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ መጠን መጨመር አያስተካክለውም።

አሁን ምክሩን በአንድ ምሳሌ ላይ እንሞክረው። የ11 ወር ሕፃን፣ ክብደቱ 9 ኪሎ። በቤት ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12.5 ሚሊ ግራም ዳይፈንሃይድራሚን የያዘ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከላይ በጠቀስነው ጥናት የተሰጠው መጠን ለዚህ ሕፃን 9 ሚሊ ግራም ወይም 3.6 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን የምናነሳው ለማነጻጸሪያ ብቻ ነው፤ በዚያ መጠን እንኳ ጥቅም አልታየም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አባት «አንድ ማንኪያ» ሰጠ። ማንኪያው የሾርባ ነበር፣ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ የተሰጠው ሦስት እጥፍ ነው፦ 37.5 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 4.2 ሚሊ ግራም። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ሕፃኑ አልጋውን ይዞ ቆሞ ይጮሃል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ዓይኑ ፈጦ ቀርቷል። አባት ያነበበውን ጽሑፍ አምኖ ሁለተኛ ማንኪያ ጨመረ። አሁን ድምሩ 75 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 8.3 ሚሊ ግራም ደረሰ።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ2006 ለአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት የወጣው መመሪያ ከ6 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ዳይፈንሃይድራሚን ከወሰደ ምልክት ባይታይበትም ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና እንዲሄድ ያዝዛል። ለእኛ ሕፃን ያ መስመር 67.5 ሚሊ ግራም፣ በሽሮፕ 27 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለተኛው የሾርባ ማንኪያ ሳያልቅ መስመሩ ታልፏል።

የሰዓቱም ነገር ይታይ። የሚዋጥ ዳይፈንሃይድራሚን በደም ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በልጆች ላይ በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ እንግዲህ የመጀመሪያው ማንኪያ ገና ጫፉ ላይ መድረሱ ነው፣ የወጣው ጥቂት ነው። «አልሠራም» የተባለው መድኃኒት በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ሳለ ሌላ ተደረበበት። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሕፃኑ ከመጮህ አልፎ በአየር ላይ የሌለ ነገር ለመያዝ ይንጠራራል፣ እናቱን አያውቃትም፣ ቆዳው ቀልቶ እንደ ትኩሳት ይጋላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እንደሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ነው። በብዛት ሲገባ መድኃኒቱ በልብ ጡንቻ ውስጥ የሶዲየም ቀዳዳዎችን ይዘጋልና። የመጨረሻው ጸጥታ እንደ እንቅልፍ ይመስላል። እንቅልፍ ግን አይደለም።

መቅበጥበጡ ተራ የተገላቢጦሽ ምላሽ ይሁን መመረዝ ቤት ውስጥ እንዴት ይለያል? የተገላቢጦሽ ምላሽ ብቻ የያዘው ልጅ ቢቅበጠበጥም ስሙን ሲጠሩት ይዞራል፣ እናቱን ያውቃል። ከንፈሩን ገልጣችሁ ብታዩ እርጥብ ነው፣ ሽንቱን ይሸናል። የስልክ መብራት ወደ ዓይኑ ገረፍ ሲደረግበት ብሌኑ ይጠባል። በመርዝ የተጠቃው ልጅ ብሌን ሰፍቶ ይቀራል፣ ለብርሃን እምብዛም አይጠብም። ጣታችሁን ብብቱ ውስጥ ክተቱ፤ ሰውነቱ እየጋለ ብብቱ ደረቅ ከሆነ መጥፎ ምልክት ነው። በተራ ትኩሳት የሚቅበጠበጥ ልጅ ያልበዋል፣ አሴቲልኮሊኑ የታገደበት ግን ማላብ ይሳነዋል። ዳይፐሩ ለሰዓታት ደረቅ መሆኑ፣ ሆዱ ከእምብርት በታች መወጠሩ፣ የልብ ምቱ ሲያቅፉት በእጅ እስኪሰማ መፍጠኑ ሁሉም ወደዚያው ይጠቁማሉ።

ሽሮፑ ፕሮሜታዚን ከሆነ አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ከመቅበጥበጥ ጋር ያምታታዋል። የልጁ አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ ምላሱ ይወጣል ወይም መንጋጋው ይቆለፋል፤ ልቡናው ግን አለ፣ ይፈራል፣ ያለቅሳል። ይህ የጡንቻ መኮማተር ነው። ሐኪም ቤት በመርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈታ ይችላል፣ ቤት ውስጥ በማሸት ግን አይፈታም።

ልጁ መድኃኒቱን ወስዶ ቢቅበጠበጥ የሚደረገው ብዙ አይደለም። ሁለተኛ መጠን አይሰጥም፣ ሌላ የሚያስተኛ ነገርም አይጨመርም፣ ለማስታወክ ጣት ጉሮሮ ውስጥ አይገባም። መብራቱ ይደብዝዝ፣ ድምፅ ይቀነስ፣ ልብሱ ይቅለል፤ ነቅቶ በደንብ የሚውጥ ከሆነ ውኃ ወይም ወተት በትንሽ በትንሹ ይቅረብለት። መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት፣ መጠኑና የልጁ ክብደት በወረቀት ይጻፍ፣ ጠርሙሱም አጠገብ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ተራው ምላሽ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ልጁ በመጨረሻ ሲተኛ በጀርባው ይተኛ፣ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን በየጊዜው አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠር። የሕፃን ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 ካነሰ፣ ከተቆራረጠ፣ ወይም ሲነኩት ካልተንቀሳቀሰ መጠበቅ የለም። ከላይ ከዘረዘርናቸው የመመረዝ ምልክቶች አንዱ ከታየም፣ ወይም የወሰደው በኪሎ ሲሰላ መስመሩን ካለፈ፣ ያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው። እዚያ የልቡን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ሥዕል ያነሳሉ፣ መንቀጥቀጡን የሚያቆም መድኃኒት ይሰጣሉ፣ በሥዕሉ ላይ የምቱ ሞገድ ከሰፋ በደም ሥር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሰጡታል። አንዱም ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

ሁለት ጠርሙስ የመደራረቡን ነገር ሳንጠቅስ አንለፍ። ብዙ የሌሊት ጉንፋን ሽሮፖች ከፓራሲታሞል ጋር ክሎርፌኒራሚን ወይም ዳይፈንሃይድራሚን አብረው ይይዛሉ። ለማሳከክ የሚቀባ አንዳንድ ቅባትም ዳይፈንሃይድራሚን አለበት፣ በተላጠ ቆዳ በኩል ደግሞ ወደ ደም ይገባል። ለጉንፋን ከአንዱ፣ ለእንቅልፍ ከሌላው የሰጠ ወላጅ ሳያውቀው ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጥቷል።

«በየቀኑ ይሰጥ አላልንም። ለአንድ ሌሊት፣ ለረጅም ጉዞ ቢሰጥ ምን ይሆናል?»

መላመዱ ለአንድ ሌሊት አይመጣም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ነው። የተገላቢጦሹ ምላሽ ግን በመጀመሪያው መጠን ይመጣል። መውረድ በማይቻልበት አውሮፕላን ውስጥ ለአምስት ሰዓት የሚንፈራገጥ ልጅ መያዝ፣ ያለ መድኃኒት ከሚያለቅስ ልጅ የባሰ ነው። «ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ ሞክሩት» የሚሉ አሉ። ሙከራው መቅበጥበጡን ያሳይ ይሆናል፤ ትንፋሹን ግን አይመልስላችሁም።

ትንፋሽን በተመለከተ፣ ጤነኛ ሕፃን በእንቅልፍ ውስጥ አፍንጫው ቢታፈን ወይም ትንፋሹ ለቅጽበት ቢቋረጥ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ ራሱን ያዞራል። ይህ መንቃት ወላጅን ያደክማል፣ ለሕፃኑ ግን መከላከያው ነው። የሚያፈዝ መድኃኒት የሚያደክመው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ አነስተኛ ጥናት ለጥቂት ጤነኛ ሕፃናት ለሦስት ቀን ፕሮሜታዚን ሲሰጣቸው በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሻቸው መቋረጥ ጨምሮ ታይቷል። ጉንፋን ያፈነው፣ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባል እጢው ያበጠ፣ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ልጅ ከዚህ በባሰ አደጋ ላይ ነው። በመኪና ወንበር የተቀመጠ የፈዘዘ ሕፃን ደግሞ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መንገዱ ይጠባል። ያልፈዘዘው ልጅ ነቅቶ አንገቱን ያስተካክላል፤ ይህኛው ላያስተካክል ይችላል።

«አዲሶቹ አያፈዙም፣ እነሱስ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ወደ አንጎል የሚያልፉት በትንሹ ስለሆነ ለአለርጂ የሚመረጡት እነሱ ናቸው። ለማስተኛት ግን ትርጉም የላቸውም።

«ታዲያ ወላጅ ምን ያድርግ? ከዚህ ሌላ መፍትሔ የለም።»

አለ፤ ግን በጠርሙስ አይመጣም፣ በአንድ ሌሊትም አያልቅም። መጀመሪያ ሒሳብ ይሠራ። የ2 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልጋ ላይ ይደረጋል፣ እስከ 3 ሰዓት ከ45 እያለቀሰ ይቆያል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይተኛል፣ ከዚያ የሚነሳው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ድምሩ 11 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ስለሆነ ልጁ እንቅልፍ አልጎደለውም። የተሳሳተው የመኝታ ሰዓቱ ነው፤ ገና እንቅልፉ ሳይመጣ አልጋ ላይ ይደረጋል።

የቀኑን እንቅልፍ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። ለጥቂት ሌሊት ልጁን አልጋ ላይ የምታደርጉት በእርግጥ እንቅልፍ በሚወስደው ሰዓት፣ በ3 ሰዓት ከ45 ይሁን። ጠዋት ግን ማታ በማንኛውም ሰዓት ቢተኛ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳ፤ ይህች ካልተጠበቀች ሌላው አይሠራም። ለሁለት ወይም ለሦስት ሌሊት በ15 ደቂቃ ውስጥ ከተኛ የመኝታ ሰዓቱን በ15 ደቂቃ ወደ ኋላ ሳቡት። ወደ 2 ሰዓት ተኩል ለመድረስ አምስት እርምጃ፣ በአጠቃላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሌሊት ይፈጃል። በአንዱ እርምጃ ላይ እንደገና ማልቀስ ከመጣ አንድ እርምጃ ተመልሳችሁ ሁለት ሌሊት ቆዩ።

ይህ የማይሠራላቸው ልጆች አሉ፤ ለእነሱ ሐኪም የሚያስፈልገው ለማስተኛት ሳይሆን ምክንያቱን ለማግኘት ነው። ብዙ ሌሊት የሚያንኮራፋ ልጅ ጉሮሮው ይታይ። በችፌ የሚያክ ልጅ ቆዳው በቅባት ይታከም። አልጋ ላይ ሲሆን እግሩን የሚያወራጭ፣ «እግሬን እሹልኝ» የሚል ልጅ ደግሞ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን በሊትር ከ50 ማይክሮ ግራም በታች ከሆነ ሐኪሙ ብረት ሊያዝለት ይችላል። በዚህኛው ልጅ ላይ ደግሞ የሚያፈዝ አንቲሂስታሚን የእግሩን መወራጨት ያባብሰዋል፤ ሽሮፑ ተሰጥቶት ሌሊቱን እግሩን ሲያወራጭ ካደረ ምክንያቱ ይህም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገረው።